«ዋጋው ፎቶው ላይ አለ»፦ ስለ ምስል መግለጫና ስለ ቪዲዮ ጽሑፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ዕቃውን የሚያስተዋውቀው በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ነው። እዚህ የምናየው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ አዲስ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ሁሉ የሚፈልገው የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ። የተለመደው ማስታወቂያ የምጣድ ፎቶ ይሆናል፤ ቢጫ መደብ ላይ በቀይ «ታላቅ ቅናሽ» ይባላል፣ ከሥሩ ዋጋና ስልክ ይከተላል።

«ዓይነ ስውር በፎቶ አይገዛም፤ ለማን ነው የምጽፈው?»

ማየት የተሳነው ሰው ስልኩን የሚጠቀመው በስክሪን አንባቢ ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲያንሸራትት የተነካው ነገር በድምፅ ይነበብለታል። ሰበታን የሚያውቅ ሁሉ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱን ያውቃል፤ እዚያ የተማሩ ሰዎች ዛሬ ደመወዝተኞች፣ ባለትዳሮች፣ የቤት ባለቤቶች ናቸው፣ እንጀራም ይጋግራሉ።

ደግሞም ጭራሽ ከማያየው ይልቅ በመጠኑ የሚያየው ይበዛል። ፊደሉን አጉልቶ የሚያነብ ሰው ፎቶ ላይ የተቀባ ጽሑፍ ሲጎላ ይደበዝዝበታል። ፖስቱ ውስጥ የተጻፈው ግን ስልኩ በፈለገው መጠን ያሳድግለታል።

«ዋጋውና ስልኩ ፎቶው ላይ ስላለ ይበቃል»

ፎቶ ላይ ያለ ፊደል ለስክሪን አንባቢ ፊደል አይደለም፤ ቀለም ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ቅናሽ፣ ዋጋና ስልክ «ፎቶ» በሚል አንድ ቃል ያልፋል። ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚለቅሙ መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን የአማርኛ ፊደል፣ በተለይ ባሸበረቀ መደብ ላይ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ያመልጣቸዋል።

እዚህ ላይ ቴሌግራምና ፌስቡክ ይለያያሉ። ፌስቡክ ለእያንዳንዱ ፎቶ የተደበቀ የመግለጫ ቦታ አለው፤ ቴሌግራም የለውም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ መግለጫው ከፎቶው ሥር በሚጻፈው ጽሑፍ ውስጥ መግባት አለበት። ገደቡ ክፍያ ለማይፈጽም ተጠቃሚ 1024 ፊደል ነው፤ ለአንድ ምጣድ ከበቂ በላይ ነው። አምስት ፎቶ በአንድ ላይ ሲለጠፍ «አንደኛው ፎቶ ከፊት፣ ሁለተኛው ማብሪያው በቅርበት» እያሉ በቅደም ተከተል መጻፍ ያስፈልጋል። አለዚያ ሰሚው «ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ» ብቻ ይሰማል።

ለቴሌግራም የሚሆን ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

> የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ። ዋጋ 9500 ብር። የሸክላው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር፣ ኃይሉ 3500 ዋት ነው። አክንባሎው አሉሚኒየም ነው፤ መያዣው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ማብሪያው በቀኝ በኩል ያለ የሚዞር ቁልፍ ነው፤ ሲበራ ቀጭ ይላል፣ ቀይ መብራትም ያሳያል። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ ነን። በስልክ ወይም በቴሌግራም ጽሑፍ ማዘዝ ይቻላል።

ማብሪያው ላይ ያተኮርነው በምክንያት ነው። መብራት ብቻ የሚያሳይ ምጣድ ለማያይ ሰው መብራቱንም ሆነ መጥፋቱን አይነግረውም፤ ቀጭ የሚል ቁልፍ ግን በጣትም በጆሮም ይታወቃል። ይህን ያልጻፈ ሻጭ ገዢው ደውሎ የሚጠይቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ ሳይመልስ ቀርቷል።

«ፌስቡክ ራሱ ይገልጸዋል»

ፌስቡክ ከ2016 ጀምሮ (በፈረንጆች) ለፎቶዎች በራሱ መግለጫ ያበጃል። መግለጫው ግን ግምት ነው። ምግብ፣ ሰው ወይም የቤት ውስጥ ዕቃ ሊሆን ይችላል ከማለት ብዙም አያልፍም። ምጣድን አይቶ የስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ማብሪያው የት እንዳለ አይናገርም። ማሽኑ የገመተውን በራስ ጽሑፍ መተካት ግን ይቻላል፦ ፎቶውን ከፍቶ ሦስቱን ነጥቦች መንካት፣ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ alt text የሚል ቃል ያለበትን መምረጥ፣ የራስን መግለጫ ጽፎ ማስቀመጥ። ስልኩ ላይ ካልተገኘ በኮምፒውተር ይሞከር።

እዚያ ውስጥ የሚገባው የሚታየው ነገር ነው። ዋጋና አድራሻ ከፖስቱ ጽሑፍ ውስጥ ካሉ አይደገሙም፣ ሰሚው አንድን ዋጋ ሁለት ጊዜ መስማት አይጠበቅበትም። እንዲህ፦

> የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከጎን ሲታይ። አክንባሎው ተከፍቷል፣ ጥቁሩ ሸክላ ይታያል። ዙሪያው ነጭ የተቀባ ብረት ነው፤ አራት አጫጭር እግሮች አሉት። በቀኝ በኩል የሚዞር ጥቁር ማብሪያ አለ።

«የምጣድ ፎቶ» ብሎ መጀመር አያስፈልግም፤ ፎቶ መሆኑን ስክሪን አንባቢው ቀድሞ ተናግሯል። ቀለምም አይቀርም። በመጠኑ የሚያይ ሰው ዕቃውን የሚለየው በቀለም ነው፤ ጭራሽ የማያየውም ቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ጋር ማስማማት ይፈልጋል።

«ብዙ በጻፍኩ ቁጥር የተሻለ ይገልጻል»

ዓይን ገጹን በአንድ እይታ ይቃኛል፤ ጆሮ ግን ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ ከርዝመቱ ይልቅ ቅደም ተከተሉ ይበልጣል፤ በአማርኛ ደግሞ ይህ የራሱ ችግር አለው። «ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ባለ አራት እግር፣ ባለ አሉሚኒየም አክንባሎ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ» ሲባል ዕቃው ምን እንደሆነ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ሰሚው እስከዚያ ጠረጴዛ ይሁን ምድጃ እየገመተ ይቆያል፤ ብዙዎች ደግሞ ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። መፍትሔው የዕቃውን ስም ብቻውን አስቀድሞ በአራት ነጥብ መዝጋት ነው፦ «የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ።» ቀጥሎ ዋጋ፣ ከዚያ መጠን፣ ከዚያ ዝርዝሩ። ለተደበቀው መግለጫ ከሁለት እስከ አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

«እሳትና ልብ የበዛበት፣ በጌጠኛ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ዓይን ይስባል»

ዓይን ሊስብ ይችላል፤ ጆሮ ያደክማል። እያንዳንዱ ስሜት ገላጭ ምስል በስሙ ይነበባል። በመስመሩ መጀመሪያ አምስት እሳት የደረደረ ሻጭ ዋጋውን ከማሰማቱ በፊት አምስት ጊዜ «እሳት» ያስብላል። ካስፈለገ አንድ፣ እሱም መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። የተወላገዱና የደመቁ የሚመስሉ የላቲን ፊደላት ደግሞ እውነተኛ ፊደላት አይደሉም፤ ለሒሳብ የተሠሩ ምልክቶች ስለሆኑ አንዳንዱ ስክሪን አንባቢ ይዘላቸዋል፣ ሌላው የምልክቱን ረጅም ስም ይዘረዝራል።

አማርኛን በላቲን መጻፍም እንዲሁ ነው። «waga» የሚለውን የስክሪን አንባቢው የእንግሊዝኛ ድምፅ በራሱ አነጋገር ያነበዋል፣ የአማርኛው ድምፅም አያስተካክለውም። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የአማርኛ ድምፅ የጫነ ሰው ይሰማዋል፤ ኢስፒክ የሚባለው ነፃ የንባብ ድምፅ አማርኛን ይችላል። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መምታትም ይቅር፤ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ «።» አለ። ድምፁ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

«መስማት የተሳነው ማየት ይችላል፤ ቪዲዮው ላይ የዕቃውን ስም ከጻፍኩ በቂ ነው»

ሻጩ በቪዲዮ ምጣዱን እያዞረ ዋጋውን፣ ዋስትናውንና የማድረሻውን ክፍያ በአፉ ይናገራል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው «ምርጥ ምጣድ» ብቻ ነው። የተነገረው ሁሉ መጻፍ አለበት፤ ቃል በቃል ባይሆንም ቁጥሩና ሁኔታው ሳይቀር። ዕቃው የሚያወጣው ድምፅም መረጃ ከሆነ ይጻፋል።

ዩቲዩብ ላይ ጽሑፉን በተለየ ፋይል ማስገባት ይቻላል። ፋይሉ ይህን ይመስላል፦

```
1
00:00:00,500 --> 00:00:03,500
ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው።
ዋጋው 9500 ብር ነው።

2
00:00:04,000 --> 00:00:07,000
ማብሪያውን ወደ ቀኝ አዙሩት።
[ቀጭ ይላል]
```

ፋይሉ ሲቀመጥ UTF-8 የሚባለው የፊደል አቀማመጥ ካልተመረጠ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ግን ጽሑፉ ቪዲዮው ላይ አብሮ መቀባት አለበት። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥ፤ ሁለቱ መስመሮች ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ይቆዩ። ቲክቶክ የስክሪኑን ታችና ቀኝ ጠርዝ በራሱ ጽሑፍና ቁልፎች ስለሚሸፍን ዋጋውን እዚያ የጻፈ ሰው ደብቆታል።

ቀለሙም ይለካል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ የሚጠይቀው የፊደልና የመደብ ንጽጽር 4.5 ለ 1 ነው። ነጭ በጥቁር 21 ለ 1 ይደርሳል። ሱቆቻችን የሚወዱት ደማቅ ቀይ በደማቅ ቢጫ ላይ 3.7 ገደማ ነው፤ ቢጫ በነጭ ላይ ከ1 ብዙም አይበልጥም። ነጭ ፊደል ከኋላው ጥቁር ሰሌዳ ተደርጎለት ሲጻፍ ግን በየትኛውም ቪዲዮ ላይ ይነበባል።

ሌላው ብዙ ሻጭ የማያስበው፣ ለብዙ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የመጀመሪያው ቋንቋ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ መሆኑን ነው። አማርኛን የተማሩት በኋላ፣ በጽሑፍ ነው። «ዋጋው እንደ ውሃ ነው» ከማለት «ዋጋው 9500 ብር ነው። ቅናሹ እስከ እሑድ ነው» ማለት ይገባል። «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» ብቻ ብሎ መጨረስ ደግሞ በሩን ዘግቶ ደንበኛ መጥራት ነው፤ የቴሌግራም መጠሪያ ወይም መልእክት የሚቀበል ቁጥር አብሮ ይሰጥ።

«ትክክል መሆኑን ማየት የተሳነው ሰው ካልነገረኝ አላውቅም»

የመጀመሪያውን ፍተሻ ሻጩ ራሱ ሊያደርገው ይችላል። የአንድሮይድ ስልክ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የተደራሽነት ክፍሉን መክፈትና ቶክባክን ማብራት ነው። ሲበራ አንድ ንክኪ ያነባል፣ ሁለት ንክኪ ይከፍታል፤ በአንድ ጣት ወደ ቀኝ ማንሸራተት ወደሚቀጥለው ነገር ይወስዳል። አጠፋፉን ሳያውቁ የሚያበሩት ሰዎች ይደነግጣሉ፤ በብዙ ስልኮች ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አብሮ ለሦስት ሰከንድ መያዝ ያጠፋዋል፣ አቋራጩ መብራቱን ግን እዚያው ማስተካከያ ላይ አስቀድሞ ማየት ይሻላል። አማርኛው ጭራሽ ካልተነበበ ጥፋቱ የፖስቱ ሳይሆን የድምፁ ነው፤ የአማርኛ ድምፅ ተጭኖ ይሞከር። ከዚያ ስክሪኑን በእጅ ሸፍኖ ፖስቱን ማዳመጥ ነው፦ ምን እንደሚሸጥ፣ በስንት፣ የት፣ እንዴት እንደሚታዘዝ በጆሮ ብቻ ካልታወቀ የጎደለው ይጨመራል።

የቪዲዮው ፍተሻ አጭር ነው። ድምፁን ዘግቶ፣ የስልኩን ብርሃን ቀንሶ፣ ዕቃውን ለማያውቅ ሰው ማሳየትና ዋጋውንና ዋስትናውን መጠየቅ ነው።