ጠባብ ስክሪን፣ ሰፊ ህዳግ፦ ስካን የተደረገ መጽሐፍ ስለመቁረጥ የምሰማቸው ስህተቶች

«አጉልቶ ማንበብ እያለ ህዳግ መቁረጥ ምን ያደርጋል?»

ባለ 6 ኢንች የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ ስክሪን ወደ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር ነው። በቅርቡ የመጣልኝ መጽሐፍ በኤ4 ልክ ስካን ተደርጓል፤ ጽሑፉ ግን 11 በ17 ብቻ ነው። ሙሉው ገጽ ስክሪኑ ላይ ሲገባ ፊደሉ ከዋናው መጠኑ 40 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ህዳጉ ሲወጣ 70 በመቶ ይሆናል። ማጉላትማ ይቻላል፤ ግን በየገጹ መጎተት አለ፣ ኢ-ኢንክ ስክሪን ደግሞ በጎተቱት ቁጥር እየተንቀራፈፈ ነው የሚታደሰው።

«አንድ ገጽ ለካሁ፣ ለሁሉም አዋልኩት።»

ይቺን ስሰማ ነው ደሜ የሚፈላው። መጽሐፍ ግራና ቀኝ ገጽ አለው እኮ! የጥራዙ ስፌት በአንዱ በግራ፣ በሌላው በቀኝ ስለሚውል ጽሑፉ በየገጹ ቦታ ይቀያይራል። ከላይ ባልኩት መጽሐፍ ገጽ 41 ላይ ጽሑፉ ከግራ ጠርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይጀምራል፤ ገጽ 42 ላይ 4 ብቻ። ባለቤቱ በ41 ለክቶ ሁሉንም ቆረጠ፤ በ42፣ በ44፣ በ46 ከየመስመሩ መጀመሪያ 2 ሴንቲ ሜትር ተበላ። «ስካኑ ነው የተበላሸው» ብሎ ነበር ያመጣልኝ። ከመቁረጥዎ በፊት ዐሥር ገጽ ያህል ቶሎ ቶሎ ይግለጡ፤ ጽሑፉ ግራ ቀኝ ከዘለለ ነገሩ ይኸው ነው።

ለዚህ እኔ የምጠቀመው Briss የሚባል የፒዲኤፍ መቁረጫ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጃቫ ይፈልጋል። የግራና የቀኝ ገጾችን ለየብቻ ደራርቦ እንደ ግራጫ ጥላ ያሳያል። በየጥላው ዙሪያ ሳጥኑን ያስተካክላሉ። ጠርዙ የደበዘዘ ጥላ ካዩ ጠመም ብለው ስካን የተደረጉ ገጾች አሉ ማለት ነውና ጥቂት ሚሊ ሜትር ይተዉ፤ ስስት እዚህ ላይ ነው ፊደል የሚበላው። ሽፋንና ካርታ ካለ ፋይሉን ሲከፍቱ የገጽ ቁጥራቸውን አስገብተው ከሚደራረቡት ገጾች ያስወጡ፣ አለዚያ ጥላውን ያበላሹታል። በየገጹ አናት የሚደጋገመውን የመጽሐፉን ርዕስ ከሳጥኑ ውጪ ቢተዉት ደግሞ ፊደሉ ትንሽ ይጨምራል።

«ራሱ ፈልጎ የሚቆርጥ አለ አይደል?»

አለ፤ የሚፈልገው ግን ቀለም ነው። የስካነሩ ክዳን በደንብ ሳይዘጋ የቀረው ጥቁር ጠርዝም፣ የቡና ጠብታም ለእሱ ጽሑፍ ነው። በየገጹ ልዩ ልዩ መጠን ስለሚቆርጥ ፊደሉ አንዴ ያድጋል፣ አንዴ ያንሳል። ንጹሕ ስካን ላይ ይሠራል።

«ቆርጬ ፋይሉ አልቀለለም፤ ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። የተለወጠው የሚታየው መስኮት ብቻ ነው፤ ምስሉ ሙሉውን ውስጥ አለ። ስለዚህ ህዳጉ ላይ ስልክ ቁጥር የጻፉበትን መጽሐፍ «ቆርጬዋለሁ» ብለው አይላኩ፤ ተቀባዩ መልሶ ሊያወጣው ይችላል።