ብዙ ቁራጭ ያለው ፓይ ቻርት ለምን ያሳስታል?

ፓይ ቻርት አንድን ሙሉ ነገር በክብ የሚወክል ግራፍ ነው። ክፍሎቹ ከመሃል ወደ ጠርዝ በተሰመሩ መስመሮች ይለያያሉ። በሪፖርትም በዜናም በብዛት የምናየው እሱን ነው። ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1801 ነበር። ፕሌይፌር የኦቶማን ግዛት ምን ያህሉ በእስያ፣ ምን ያህሉ በአውሮፓ፣ ምን ያህሉ በአፍሪካ እንደሚገኝ በአንድ ክብ አሳየ። ልብ በሉ፣ ቁራጮቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ችግሩ የመጣው ሰው በዚያው ክብ ውስጥ ዘጠኝና አሥር ነገር ማጨቅ ሲጀምር ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ ድርጅት ደንበኞቹ ለምን እንደተዉት ጠየቀ እንበል። ዘጠኝ ምክንያት ተገኘ። ዋጋ 17 በመቶ፣ መዘግየት 15፣ መልስ ማጣት 14፣ ብልሽት 13፣ የተሳሳተ ሂሳብ 12፣ የምርጫ ማነስ 10፣ የአከፋፈል ችግር 8፣ ርቀት 6፣ ሌሎች 5። ድምሩ 100 ነው፤ ስለዚህ ፓይ ቻርት መሥራት ይቻላል።

አሁን መልስ ማጣትንና ብልሽትን እናወዳድር። ልዩነታቸው 1 በመቶ ነው። ሙሉው ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ 1 በመቶ ማለት 3.6 ዲግሪ ነው። በግድግዳ ሰዓት ላይ አንድ ደቂቃ 6 ዲግሪ ትይዛለች። እንግዲህ አንባቢው እንዲለይ የተጠየቀው ከአንድ ደቂቃ ያነሰች ልዩነት ነው። ያውም ሁለቱ ቁራጮች እየተነሱ የሚሄዱት ከተለያየ ቦታ፣ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው። አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ጎን ያጋደለ ነው። ዓይን መጀመሪያ አንዱን በሐሳብ አዙሮ ከሌላው ጎን ማቆም አለበት። ይሄ ደግሞ ዓይን የማይችለው ሥራ ነው።

ዓይናችን በጣም የሚጎብዘው ሌላ ነገር ላይ ነው። ሁለት ነገሮች ከአንድ መስመር ተነስተው የትኛው ራቅ ብሎ እንደሄደ ወዲያው ያያል። እ.ኤ.አ. በ1984 ዊልያም ክሌቭላንድና ሮበርት ማክጊል የተባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ይህንን በሙከራ ፈትሸውታል። ሰዎች ከጋራ መነሻ የተሰለፉ ነገሮችን ሲያወዳድሩ የሚሳሳቱት፣ ማዕዘን ሲያወዳድሩ ከሚሳሳቱት በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ አገኙት። በኔ እይታ ስለ ግራፍ ሊታወቅ ከሚገባው ነገር ሁሉ የሚቀድመው ይሄ ነው።

ያንኑ ዳታ በባር ግራፍ እንየው፦

```
17 █████████████████ ዋጋ
15 ███████████████ መዘግየት
14 ██████████████ መልስ ማጣት
13 █████████████ ብልሽት
12 ████████████ የተሳሳተ ሂሳብ
10 ██████████ የምርጫ ማነስ
 8 ████████ የአከፋፈል ችግር
 6 ██████ ርቀት
 5 █████ ሌሎች
```

ቁጥሮቹን በእጃችሁ ብትሸፍኑ እንኳ ቅደም ተከተሉ አይጠፋም። በልኬትም ቢሆን ልዩነቱ ግልጽ ነው። 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ጠርዙ ላይ 1 በመቶ የሚያገኘው 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ትልቁን ባር 10 ሳንቲሜትር ብናደርገው ግን 1 በመቶ 6 ሚሊሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ወረቀቱ ላይ የያዘው ወርድ ያው ነው፤ ልዩነቱ ግን እጥፍ ሆኖ ይታያል።

የቀለሙ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። ዘጠኝ ቁራጭ ዘጠኝ ቀለም ይፈልጋል። ስሞቹ ቁራጩ ላይ ስለማይበቁ ጎን ላይ በመግለጫ ሳጥን ይደረደራሉ። አንባቢው ክቡን ያያል፣ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል፣ «ይሄ ሰማያዊ የትኛው ሰማያዊ ነበር?» ብሎ ይመለሳል። ቀለም መለየት ለሚቸግረው ሰው ወይም በጥቁርና ነጭ ፕሪንት ላደረገው ሰውማ ነገሩ አበቃ። ባር ግራፍ ላይ ስሙ ከባሩ አጠገብ ስለሚጻፍ አንድ ቀለም ይበቃል። ሁለተኛ ቀለም ካስፈለገ ልናጎላው ለፈለግነው አንድ ባር እናውለዋለን።

ብዙዎች ቁጥሩን ቁራጩ ላይ በመጻፍ ችግሩን የፈቱት ይመስላቸዋል። ግን ያኔ አንባቢው የሚያነበው ቁጥሩን እንጂ ሥዕሉን አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ተራ ሠንጠረዥ ይሻላል። ክቡን መሃሉን ቀዶ ዶናት ማድረግም አያድንም፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጥምዝ ርዝመት አሁንም ከጋራ መስመር አይነሳም። ከሁሉ የከፋው ስሪዲ ፓይ ቻርት ነው። ክቡ ወደ ኋላ ስለሚጋደም ከፊት ያለው ቁራጭ ጎኑ ጭምር ይታይና ካለው በላይ ይገዝፋል። ከኋላ ያለው ደግሞ ይጨመቃል። 14 በመቶው ፊት ከተቀመጠ 17 በመቶውን በልጦ ሊታይ ይችላል። ይሄ እንግዲህ የአንባቢው ስህተት አይደለም፤ ሥዕሉ ራሱ የተዛባ ነው።

ፓይ ቻርት የሚያምርበት ቦታ አለ፤ እሱን መካድ ልክ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብቻ ሲኖር፣ ጥያቄውም «ከግማሽ በላይ ነው ወይስ በታች?» ሲሆን ክቡ ቶሎ ይመልሳል። ግማሽና ሩብ ለዓይን የታወቁ ቅርጾች ናቸው። በተለይ ቁራጩ ከ12 ሰዓት ምልክት ላይ ሲጀምር ሩቡ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ 3 ላይ ያርፋል። ያንኑ ሩብ ከ1 ሰዓት ተኩል ምልክት ብታስጀምሩት ግን ለመለየት ይከብዳል። ባር ግራፍ ደግሞ «እነዚህ ተደምረው ሙሉ ናቸው» የሚለውን እንደ ክብ በግልጽ አይናገርም። ስለዚህ ርዕሱ ላይ «ከመቶ» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል።

ባር ግራፍም ሥርዓት አለው። ዋናው ከዜሮ መጀመር ነው። ከላይ ያለውን ከ10 ብናስጀምረው ዋጋ 7፣ ብልሽት 3 ያህል ርዝመት ይቀራቸውና አንዱ የሌላው ከእጥፍ በላይ ይመስላል፤ እውነቱ ግን 17 እና 13 ነው። ሁሉም ቁጥሮች ተቀራራቢ ሆነው መነሻውን ከዜሮ ማራቅ የግድ ከሆነ የነጥብ ግራፍ ይሻላል። ነጥብ የሚነበበው ባረፈበት ቦታ እንጂ በርዝመቱ ስላልሆነ አያታልልም። ስሞቹ ረዘም ካሉ ባሮቹን ማጋደም፣ ከዚያም ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደር ጥሩ ነው። «ሌሎች» የሚለው ግን መጠኑ ምንም ይሁን ምን መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። እሱ ራሱ ካበጠና ከላይኞቹ ጋር መፎካከር ከጀመረ፣ ውስጡ ተደብቆ የቀረ ምክንያት ስላለ ተከፍቶ ይታይ።

የሁለት ዓመት ውጤት ለማወዳደር ሁለት ፓይ ጎን ለጎን ማስቀመጥም የተለመደ ነው። አሥራ ስምንት ቁራጭ ማለት ነው! አንዱ ሲያድግ ሌሎቹ ሁሉ ቦታቸውን ይለቃሉ፤ ምንም ያልተለወጠው ሁሉ ሳይቀር ዞሮ ሌላ ቦታ ይገኛል። እዚህ ላይ የሚሠራው ላይን ግራፍ ነው። ግራ ላይ አምና፣ ቀኝ ላይ ዘንድሮ ይደረግና ለእያንዳንዱ ምክንያት አንድ መስመር ይሰመራል። መስመሩ ሽቅብ ከወጣ ድርሻው ጨምሯል፣ ቁልቁል ከወረደ ቀንሷል፣ ያልተለወጠው ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሻገራል።