የተጨመረን ነገር ከፎቶው ብዥታ ጋር ማስማማት ምንድን ነው?

አንዲት ሴት ፎቶ ተነስታለች እንበል። ፊቷ ጥርት ብሏል፤ ከኋላዋ ያለው መንገድ ደብዝዟል፤ የሩቆቹ መብራቶች ክብ ክብ የብርሃን ሳንቲም መስለዋል። ቦኬ የሚባለው ይሄ ነው። አሁን መንገዱ ላይ ከሌላ ፎቶ የተቆረጠ ብስክሌት እናቁም። ቀለሙና ጥላው ቢስማማም የጎማው ሽቦ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ መለጠፉ ያስታውቃል። ሌንሱ መንገዱን አደብዝዞ ብስክሌቱን ብቻ አይምርም። ስለዚህ እዚያ ቆሞ ቢነሳ ኖሮ በሚደበዝዝበት ልክ እናደበዝዘዋለን።

ልኩስ? ብዙ ሰው በዓይኑ ይገምታል። ፎቶው ግን ራሱ ይናገራል። በጣም ሩቅ ያለች ትንሽ መብራት ፈልጉና የክቧን ስፋት በፒክስል ለኩ። 60 ሆነ እንበል። የዳራው ብዥታ ጣሪያ ይሄ ነው፤ ምንም ያህል ቢርቅ ከዚህ አያልፍም። ሴትየዋ ከካሜራው 2 ሜትር፣ ብስክሌቱ 4 ሜትር ላይ ናቸው። 2ን ለ4 አካፍሉና ከ1 ቀንሱት፤ ግማሽ ይመጣል። ስለዚህ የብስክሌቱ ብዥታ 30 ፒክስል ነው። 10 ሜትር ላይ ቢቆም 48 ይሆን ነበር። ማጣሪያው ሬዲየስ ከጠየቀ ግማሹን፣ 15 ስጡትና ጎማው ካረፈበት አስፋልት ጋር አስተያዩት። ርቀቱን የማታውቁ ከሆነም ዳኛው ያው አስፋልት ነው።

የማጣሪያው ዓይነትም ለውጥ አለው። ፎቶሾፕ ላይ ብዙዎቻችን እጃችን የሚሄደው ወደ Gaussian Blur ነው። እሱ ብርሃኑን መሀል ላይ ያከማችና ወደ ዳር እያሳሳ ያጠፋዋል። ሌንስ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ነጥቧን ዳሯ የሚለይ፣ እኩል የበራች ክብ ያደርጋታል። Lens Blur ወደዚህ ይቀርባል። መሪው ላይ ያለችው ብልጭታ ግን በሱም ግራጫ ልትሆን ትችላለች። ተራ ፎቶ ውስጥ ነጭ 255 ላይ ስለሚቆም፣ የብልጭታዋ እውነተኛ ጉልበት ቀድሞውኑ ተቆርጧል። Specular Highlights ስር ያለውን Brightness ከፍ ማድረግ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

እኔን ለረጅም ጊዜ ያሞኘኝ ጠርዙ ነበር። ብስክሌቱን መርጬ አደበዝዛለሁ፤ ውስጡ ይለሰልሳል፣ ዳሩ ግን በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ብዥታው ከምርጫው መውጣት አልቻለም ነበር። ብስክሌቱ ዙሪያው ባዶ በሆነ ሌየር ላይ፣ ምርጫው ተነስቶ ሲደበዝዝ ጠርዙም ወደ አስፋልቱ ይቀልጣል። የሴትየዋ ትከሻ ከፊቱ የሚያልፍ ከሆነ ግን የትከሻዋ መስመር ጥርት እንዳለ ይቀራል። መጠኑንም ከማደብዘዛችሁ በፊት ጨርሱ፤ በኋላ ብታሳንሱት ብዥታውም አብሮ ያንሳል።

ሁሉም ልክ ሆኖ ብስክሌቱ አሁንም ፕላስቲክ ከመሰለ 100% አጉልታችሁ እዩት። አስፋልቱ ላይ የካሜራው ደቃቅ ነጠብጣብ አለ፤ ብስክሌቱ ላይ ያለውን ግን ማጣሪያው ጠርጎታል። በ Add Noise ትንሽ መልሱለት።