ኮከቡ ይሠራል፤ የሚጎድለው አምስተኛው ቦታ ነው

«ጋሼ፣ የኤክሴሉ XLOOKUP የዕቃውን ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካልጻፍሁለት አያገኝልኝም። VLOOKUP ላይ እንደምናደርገው ኮከብ ጨምሬም ሞከርሁ፤ #N/A ይለኛል። ኮከብ አይቀበልም ማለት ነው?»

ይቀበላል፤ ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ጥያቄውን የላከችልኝ ኮዬ ፈጬ በሚገኝ የሕንፃ ዕቃ መደብር የምትሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ እስከ እርሷ ሰፈር ድረስ ሒሳባቸውን የማያቸው መደብሮች በሙሉ በየተራ ጠይቀውኛል። መልሱ አጭር ነው፤ ስለ ኮከቡ የሚወራው የተሳሳተ ነገር ግን ብዙ ስለሆነ አንድ በአንድ ልሂድበት።

«VLOOKUP ላይ ከሠራ እዚህም ይሠራል»

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። VLOOKUP መጨረሻው ላይ FALSE ሲጻፍለት ኮከብንና የጥያቄ ምልክትን ሳይጠየቅ እንደ ምትክ ምልክት ይወስዳቸዋል። XLOOKUP ግን ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር ኮከቡን እንደማንኛውም ፊደል ነው የሚያነበው። «ቆርቆ*» ብትሉት በስሙ ውስጥ እውነተኛ ኮከብ ያለበት ዕቃ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ስለሌለ #N/A ይላል። ትእዛዙ የሚሰጠው በቅንፉ ውስጥ በኮማ ከተለዩት ቦታዎች በአምስተኛው ላይ 2 በመጻፍ ነው። የዕቃው ስም በ A ዓምድ፣ ዋጋው በ B ዓምድ፣ የምትጽፉት ቁራጭ ስም ደግሞ በ E2 ላይ ከሆነ ቀመሩ ይህን ይመስላል፦

```
=XLOOKUP("*"&E2&"*",A2:A400,B2:B400,"አልተገኘም",2)
```

ኮከቡ የቱንም ያህል ፊደል ይተካል፤ ምንም ፊደል ባይኖርም ይቀበላል። ኮከቡ በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ E2 ደግሞ ከጥቅሱ ውጭ መሆኑን አስተውሉ። "*E2*" ብሎ አንድ ላይ የጻፈ ሰው የሚፈልገው በ E2 ያለውን ስም ሳይሆን «E2» የሚሉትን ሁለት ሆሄያት ነው።

ሌላም ስህተት አለ። አራተኛው ቦታ ዕቃው ሳይገኝ ሲቀር የሚታየው መልእክት ነው። እርሱን ዘልሎ 2ን እዚያ ያስቀመጠ ሰው ቀመሩ #N/A ማለቱን ስላቆመ የተስተካከለ ይመስለዋል። የተቀየረው ግን ፍለጋው አይደለም፤ ዕቃው ባልተገኘ ቁጥር «2» የሚል መልስ እንዲመጣ ማዘዙ ብቻ ነው። የአንድ ከረጢት ጂፕሰም ዋጋ 2 ብር ሆኖ የታየበትን ሉህ በዓይኔ አይቻለሁ። መልእክት መጻፍ ካልፈለጋችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት እንጂ ኮማውን አታስቀሩ፤ ከ 2 በፊት ሁለት ኮማ ተከታትለው መቆም አለባቸው።

«ዋጋ ካመጣ ትክክለኛውን ዕቃ አግኝቷል»

ሌሎቹን ስህተቶች በትዕግሥት አስረዳለሁ። ይህኛው ግን ገንዘብ ስለሚያስከፍል ደጋግሜ ብናገረውም አልጠግብም።

XLOOKUP ከላይ ወደ ታች ይወርድና የሚስማማ ስም ባገኘበት በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቆማል። ከታች ሌሎች አሥር የሚስማሙ ዕቃዎች ቢኖሩም አይነግራችሁም። «ከእነዚህ የትኛውን ነው የፈለግኸው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ስህተትም አያሳይም። አንድ ዋጋ ያመጣል፣ ዋጋውም ንጹሕ ቁጥር ስለሆነ ሰው ያምነዋል።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ መደብር የደረሰውን ልንገራችሁ። በዝርዝሩ 9ኛ ረድፍ ላይ «የቆርቆሮ ሚስማር»፣ 14ኛው ላይ «ቆርቆሮ 35 ጌጅ»፣ 15ኛው ላይ «ቆርቆሮ 32 ጌጅ» ተጽፏል። ቀመራቸው ኮከብ የነበረው ከስሙ በኋላ ብቻ ነው። ሻጩ «ቆርቆ» ብሎ ጻፈ፣ ዋጋ መጣለት፣ 40 ቆርቆሮ ሸጠ። ደንበኛው የጫነው 32 ጌጁን ነው፤ የመጣው ዋጋ ግን መጀመሪያ የተገኘው የ 35 ጌጁ ነበር። የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ስስ ስለሚሆን 35ቱ ርካሽ ነው። ልዩነቱ በአንዱ 150 ብር ነበርና በአንድ ሽያጭ 6,000 ብር ጎደለ። ማታ ሒሳቡ ሲመሳከር የመደብሩ ባለቤት «ኤክሴል ተሳሳተ» አለችኝ። ኤክሴል የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

መፍትሔ ብለው ከፊትም ኮከብ ሲጨምሩበት ደግሞ ባሰ። አሁን «ቆርቆ» ሲባል የሚመጣው የሚስማሩ ዋጋ ሆነ። በአማርኛ «የ» ከስሙ ጋር ተጣብቆ ስለሚጻፍ «የቆርቆሮ» ውስጥ «ቆርቆ» አለ፤ ረድፉም ከሁለቱ ቆርቆሮዎች ይቀድማል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደረግሁላቸው። በመጀመሪያ ሻጩ ሁለት ቁራጭ ቃል እንዲጽፍ፣ ለምሳሌ «ቆርቆ 32» እንዲል አስተማርሁና የመፈለጊያውን ቅርጽ F2 ላይ ለብቻው ሠራሁ፦

```
="*"&SUBSTITUTE(TRIM(E2)," ","* ")&"*"
```

TRIM በስሙ ጫፍ ላይ ሳይታወቅ የተጨመረን ክፍት ቦታ ያስወግዳል። SUBSTITUTE በቃላቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በኮከብና በክፍት ቦታ ይተካል፤ «ቆርቆ 32» የነበረው «*ቆርቆ* 32*» ይሆናል ማለት ነው። ከኮከቡ በኋላ ያለችውን ክፍት ቦታ አትናቋት። እርሷን ትታችሁ በኮከብ ብቻ ብትተኩት «ፌሮ 6» ብሎ የጻፈ ሰው «ፌሮ 16 ሚሜ»ም ይመጣበታል፤ 16 ውስጥ 6 አለና። ክፍት ቦታዋ ካለች ግን 6 የቃሉ መጀመሪያ መሆን አለበት፤ 16ም ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ቀመሩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ያገኘውን ስምም አብሮ እንዲያሳይ አደረግሁ። በሦስተኛው ቦታ B2:B400 የነበረውን A2:B400 ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ መልሱ በሁለት ጎን ለጎን ሴሎች ላይ ይፈስሳል። ይህን G2 ላይ ጻፉና H2ን ባዶ ተዉለት፦

```
=IF(E2="","",XLOOKUP(F2,A2:A400,A2:B400,"አልተገኘም",2))
```

መጀመሪያ ላይ ያለው IF ያለ ምክንያት አልገባም። E2 ባዶ ሲሆን የሚቀረው ሁለት ኮከብ ነው፤ ሁለት ኮከብ ደግሞ ከማንኛውም ጽሑፍ ጋር ስለሚስማማ የዝርዝሩ የመጀመሪያ ዕቃ ዋጋ ይመጣል። ማንም ምንም ሳይጽፍ ዋጋ የሚያሳይ ሉህ ካያችሁ ጉዳዩ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ስንት ዕቃ እንደተስማማ የሚቆጥር ሴል I2 ላይ አስቀመጥሁ፦

```
=COUNTIF(A2:A400,F2)
```

COUNTIF ኮከቡን ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ይረዳል። በዚያ ዝርዝር ላይ «ቆርቆ» ብቻ ሲጻፍ 3 ይላል፤ ሁለቱ ቆርቆሮዎችና ሚስማሩ ናቸው። «ቆርቆ 3» ሲባል ሚስማሩ ወጥቶ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ብቻ ስለሚቀሩ 2 ይላል። «ቆርቆ 32» ሲባል 1 ይሆናል፤ ዋጋው ሊነገር የሚችለውም ያኔ ብቻ ነው። ሻጩን ያስጠነቀቅሁት አንድ ነገር ቢኖር I2 ላይ 1 ሳያይ ለደንበኛ ዋጋ እንዳይናገር ነው። ቁጥሩ ከ 1 በላይ ሲሆን የተስማሙትን ሁሉ ማየት የሚፈልግ ሰው XLOOKUPን ትቶ FILTERን ይጠቀም፤ አንድ መልስ መስጠት የ XLOOKUP ጠባዩ ነውና በምንም ብልሃት ሦስት ረድፍ አያወጣላችሁም።

```
=FILTER(A2:B400,ISNUMBER(SEARCH(F2,A2:A400)),"አልተገኘም")
```

«ስሙ ከተጻፈ ቃሉ ያው ነው»

ለእኛ ያው ነው፤ ለኤክሴል ግን አይደለም። «ሚስማር» እና «ምስማር» በእርሱ ዘንድ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ኃይል»፣ «ሀይል» እና «ሃይል»ም እንዲሁ። ዝርዝሩን አንድ ሰው ጽፎት ሌላው ሲፈልግበት ዕቃው መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ ሳለ ሉህ ላይ «አልተገኘም» የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። እዚህ ላይ የሚያገለግለው የጥያቄ ምልክቱ ነው። እርሱ በትክክል አንድ ፊደል ይተካል፤ እያንዳንዱ የግእዝ ሆሄም ከነአናባቢው አንድ ፊደል ሆኖ ስለሚቆጠር ለአማርኛ በጣም ይመቻል። «?ስማር» ሁለቱንም ሚስማሮች ያገኛል፤ «?ይል» ኃይሎቹን ሁሉ ይሰበስባል፤ «ቧ?ቧ» ደግሞ «ቧንቧ» ብሎ የጻፈውንም «ቧምቧ» ብሎ የጻፈውንም ያመጣል። «ቡዋንቡዋ» ብሎ የጻፈውን ግን አያመጣም፤ የፊደሉ ቁጥር ሌላ ነው። ለሻጭ የጥያቄ ምልክት ማስተማር ይቻላል። የተሻለው ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ስሞች በአንድ አጻጻፍ ማስተካከል ነው፤ በመፈለግና በመተካት መስኮቱ ለ 400 ረድፍ ያን ያህል ሥራ አይደለም።

ሌሎቹን በአጭሩ

«የዕቃ መለያ ቁጥርም እንዲሁ ይፈለጋል» ይላሉ። መለያው በቁጥርነት የተመዘገበ ከሆነ ኮከቡ አያየውም፤ በ XLOOKUP ውስጥ A2:A400&"" ብላችሁ ወደ ጽሑፍ ለውጡት። COUNTIF ግን ይህን ብልሃት አይቀበልም፤ ስለዚህ ዓምዱን ከመጀመሪያው በጽሑፍ መመዝገብ ይሻላል።

«ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል፣ #NAME? ይለኛል» ለሚሉኝም፦ ኤክሴል 2016 እና 2019 XLOOKUP የላቸውም፤ ከ 2021 ጀምሮ ነው ያለው፣ በማይክሮሶፍት 365ም አለ። አሮጌው ላይ ከሆናችሁ INDEX እና MATCH ተጠቀሙ፤ MATCH መጨረሻው ላይ 0 ሲጻፍለት ኮከቡን ይረዳል።

ሴራሚክን «30*60» ብላችሁ ለምትመዘግቡ ደግሞ፦ ያ ኮከብ ሲፈለግ ምትክ ምልክት ይሆናል። «3*6» ብሎ የጻፈ ሰው 30*60 ይመጣበታል። እውነተኛውን ኮከብ ለመፈለግ ከፊቱ ~ አድርጋችሁ «30~*60» ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ በዝርዝሩ ላይ ኮከቡን በ «በ» ለውጡና «30በ60» በሉት። የኮዬ ፈጬዋ ልጅ ሁለተኛውን መርጣለች።