ፕሮጀክቱ አለቀ፤ ትንበያውስ ልክ ነበር?

«በአራት ዓመት 1,600,000 ይገባል ብለን ነበር፤ ልክ 1,600,000 ገባ። ታዲያ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ትንበያውን ከውጤቱ ጋር የሚያነጻጽረው ድህረ-ኦዲት ምን ያደርጋል?»

መቼ መቼ ገባ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። 1,000,000 የወጣበት ማሽን አለ እንበል። ትንበያው በየዓመቱ 400,000 ይገባል የሚል ነበር። ዘግይቶ የሚገባ ገንዘብ ዛሬ ከሚገባው ያነሰ ዋጋ አለው፤ በየዓመቱ በስንት በመቶ እንደሚያንስ የሚነግረን ዲስካውንት ሬት ነው። በ10 በመቶ ሲሰላ ኤንፒቪው፣ ማለትም ከሚገባው ገንዘብ የአሁን ዋጋ ላይ ወጪው ሲቀነስ የሚቀረው፣ 268,000 ገደማ ነው። በተግባር የገባው ግን በቅደም ተከተል 50,000፣ 250,000፣ 600,000 እና 700,000 ሆነ። ድምሩ ያው ነው። ኤንፒቪው ግን ወደ 181,000 ወረደ። አንድ ሦስተኛው በነነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፋይሉን የሚዘጋ ብዙ ነው። ዋናው ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። የየዓመቱ ልዩነት ከምን መጣ? ከሽያጭ ብዛት፣ ከዋጋ፣ ከወጪ ወይስ ከመዘግየት? በምሳሌያችን መጀመሪያ ላይ ገቢው የቀነሰው የማሽኑ ተከላ ስለዘገየ ነው እንበል። ኋላ ላይ ያደገው ደግሞ የምርቱ ዋጋ ሳይታሰብ ስለጨመረ ነው። ሁለት ስህተቶች ተቻችለው ድምሩን ልክ አስመሰሉት። የዋጋው ነገር ዕድል ነው፣ ላይደገም ይችላል። የተከላው መዘግየት ግን በሚቀጥለው ማሽንም ላይ ሊመጣ ስለሚችል ትንበያው ውስጥ መግባት አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ለዚህ ሥራ የትርፍና ኪሳራ ሪፖርት አይሆንም። በዱቤ የተሸጠ ዕቃ እዚያ ገቢ ተብሎ ይቆጠራል፤ ገንዘቡ ግን ገና አልመጣም።

«ትንበያችን ሁሌ ከተጋነነ፣ ዲስካውንት ሬቱን ከፍ እናድርገዋ!»

ወደ 15 በመቶ እናውጣው። የመጀመሪያው ዓመት 400,000 የአሁን ዋጋው የሚቀንሰው በ16,000 ገደማ ብቻ ነው። የአራተኛው ዓመት ግን በ45,000 ገደማ ይቀንሳል። ስህተቱ የነበረው መጀመሪያ ላይ፣ የተቀጣው መጨረሻው! መታረም ያለበት ራሱ የገንዘብ ፍሰቱ ነው። ያለፉት ተከላዎች ስንት ስንት ወር እንደዘገዩ ይመዝገብ፤ የአዲሱ ፕሮጀክት ገቢም በዚያው ልክ ወደኋላ ይገፋ። በአንድ ፕሮጀክት ብቻ ግን ይህን ማወቅ አይቻልም።

«ውጤቱ ከትንበያው በታች ከሆነ፣ አዘጋጁ አጋኖ ጽፏል።»

የግድ አይደለም። አሥር ሐሳቦች ቀረቡ እንበል፤ ሁሉም በቅንነት የተገመቱ፣ ግማሹ ትንሽ ከፍ፣ ግማሹ ትንሽ ዝቅ ያለ። ድርጅቱ የሚመርጠው ኤንፒቪያቸው ከፍ ያለውን ነው። ስለዚህ በአጋጣሚ ከፍ ተደርገው የተገመቱት የመመረጥ ዕድላቸው ይሰፋል። ዝቅ ተደርገው የተገመቱት ውድቅ ይሆናሉ፤ ማንም ኦዲት አያደርጋቸውም። ማንም ሳይዋሽ፣ የተመረጡት በአማካይ ከተጠበቀው ያንሳሉ።

ኦዲቱ መቅጫ ከሆነ ደግሞ አዘጋጆች በኋላ እንዳይጠየቁ ቁጥሩን ዝቅ አድርገው ማቅረብ ይጀምራሉ። ያኔ ጥሩ ፕሮጀክት ወረቀት ላይ እያለ ይወድቃል፣ ይህ ስህተት ደግሞ በየትኛውም ኦዲት አይታይም። ስለዚህ ኦዲቱ መማሪያ እንጂ መቅጫ አይሁን። መርማሪውም ከአዘጋጁ የተለየ ሰው መሆን አለበት። ትንበያውም በጸደቀበት ቀን እንደነበረ፣ ሳይነካካ መቀመጥ አለበት።