ዜና መዋዕል ምንድን ነው? በ1270 የሆነውንስ ማን ይመሰክራል?

ዜና መዋዕል በቀጥታ ሲተረጎም «የዘመናት ወሬ» ማለት ነው። በተግባር ግን አንድ ንጉሥ በሕይወት ሳለ፣ ወይም ከሞተ ብዙም ሳይቆይ፣ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ባለ የቤተ ክህነት ሰው በግዕዝ የተጻፈ የንጉሡ ሥራ ታሪክ ነው። ጸሐፊው ደመወዙን፣ ጉልቱንና ክብሩን የሚያገኘው ከሚጽፍለት ሰው ነው። ይህን የሰማ ብዙ አንባቢ «እንግዲያው ውዳሴ ነዋ» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ፈጥኖ ዘጋው እላለሁ። ውዳሴ መሆኑ ምስክርነቱን አያጠፋውም፤ ስለ ምን ሊመሰክር እንደሚችል ግን ይወስናል።

ከታወቁት ዜና መዋዕሎች ቀደምት የሚባለውን እንውሰድ። የዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ታሪክ ንጉሡ በኢፋት ገዥ በሰብረዲን ላይ ያደረገውን ዘመቻ ይተርካል። የጠላት ሠራዊት ብዛት፣ ንጉሡ በጦር ሜዳ ያደረጋቸው ረጃጅም ንግግሮች፣ ብቻውን የጣላቸው ሰዎች ቁጥር ለማሳመር የተጻፉ ናቸው፤ መጽሐፈ መሳፍንትንና መጽሐፈ ነገሥትን ያነበበ ሰው ቋንቋቸው ከየት እንደመጣ ወዲያው ያውቃል። ሆኖም ጸሐፊው ለማሳመር ሳያስብ የጣላቸው ነገሮች አሉ፤ የትኛው ክፍለ ጦር ከየትኛው አገር እንደመጣ፣ የትኛው አገር እንደገበረ፣ ንጉሡ በዘመቻው መካከል ታሞ እንደነበር። የዚያን ዘመን የግዛት አወቃቀር የሚያጠና ሰው የሚለቅመው እነዚህን ነው። ከዚያም ወደ ውጭ ምስክር ይሄዳል። በዚያው መቶ ዘመን የጻፈው፣ የግብፅ ሱልጣን ጸሐፊ የነበረው አል ዑመሪ ለሐበሻው ንጉሥ የሚገብሩ ሰባት የእስላም ግዛቶችን ሲዘረዝር ኢፋትን ከእነርሱ መካከል ይቆጥራል። ሁለቱ ጸሐፊዎች አይተዋወቁም፤ የሚወግኑትም ለየቅል ነው። ስለዚህ የተስማሙበት ነገር ይታመናል።

ይህ ዜና መዋዕል ያለለት ዘመን ነው። ችግሩ የሚበረታው ዜና መዋዕል በሌለበት ነው፤ እዚህ ላይ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ደግሞ የዛጕዌ መንግሥት ፍጻሜ ነው።

በ1270 ይኩኖ አምላክ ነገሠ፤ የዛጕዌ ነገሥታት ዘመንም አበቃ። እንዴት? ትምህርት ቤት የተማርነው መልስ አጭር ነው፦ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አስታረቁ፣ መንግሥት ወደ ሰሎሞን ዘር ተመለሰ፣ ቤተ ክርስቲያንም የአገሪቱን ሲሶ አገኘች። ብራናዎቹንና ትውፊቶቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ግን አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ታሪክ እናገኛለን።

በመጀመሪያው ታሪክ የመጨረሻው የዛጕዌ ንጉሥ በጦር ተሸነፈ፤ ሸሽቶ ጋይንት ውስጥ ወደሚገኝ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ እዚያም ተገደለ። በሁለተኛው የዛጕዌው ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ መንግሥቱን በፈቃዱ አስረከበ፤ በምላሹም ላስታና ዋግ ለዘሩ ጸኑ። ሦስተኛው መነኩሴው መሪ የሆነበት ነው፤ እርሱም ራሱ ለሁለት ይከፈላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ሰዎች ያስታረቀው ኢየሱስ ሞዐ ነው ይላሉ፤ የደብረ ሊባኖስ ሰዎች ተክለ ሃይማኖት ነው ይላሉ።

ከእነዚህ «እውነተኛው የትኛው ነው?» ብሎ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው። በመጀመሪያ የሚጠየቀው እያንዳንዱ ትረካ መቼ፣ የት እና በማን ዘንድ ተጻፈ የሚለው ነው። የኢየሱስ ሞዐ ገድል የተጻፈው እርሱ በ1292 ካረፈ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው። በዚያ መካከል የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በንጉሡ አደባባይ ከታላላቆቹ አንዱ ሆኗል። ገድሉም ይህ ማዕረግ ከይኩኖ አምላክ ጋር በተደረገ ቃል ኪዳን እንደመጣ ይናገራል። የተክለ ሃይማኖት ድርሻ ደግሞ የሚጎላው እንደ ብዕለ ነገሥት ባሉ፣ ይበልጥ በዘገዩ ጽሑፎች ነው፤ ያኔ የሐይቅ ዐቃቤ ሰዓት ደክሞ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ከአገር ተወላጅ ካህናት ሁሉ የላቀ ሆኗል። ትረካው ሥልጣንን ተከትሎ ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው ተሻገረ ማለት ነው።

ቀጥሎ የዘመን ስሌት አለ፤ ይህ ፈተና ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜም ይዘነጋል። ተክለ ሃይማኖት ደብረ አስቦን፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን፣ የመሠረተው በ1280ዎቹ ነው። በ1270 ገዳሙ ገና አልነበረም። እርሱ ራሱ በሐይቅ ከኢየሱስ ሞዐ ዘንድ የተማረ መነኩሴ ነው። ስለዚህ ንጉሡ በዚያ ዓመት ለደብረ ሊባኖስ ማዕረግና ሲሶ ሰጠ የሚለው በኋለኛው ዘመን የነበረን መብት ወደ ኋላ ወስዶ መትከል ነው። ይህን ስል ጻድቁን መንካቴ አይደለም። ገድል የሚጻፈው ለምእመን ነው፤ በበዓሉ ቀን ይነበባል፣ ቅድስናን ያስተምራል። የ1270ን ፖለቲካ እንዲመሰክር የጠራነው እኛ ነን።

የጦርነቱ ታሪክ በተለየ መንገድ ይመረመራል። በአንዳንድ ዝርዝሮች የተገደለው ንጉሥ ስም «ዘኢልመክኑን» ተብሎ ይገኛል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ይህ የሰው ስም ሳይሆን «የተሰወረው፣ የማይታወቀው» ማለት መሆኑን አሳይተዋል፤ ሌላ ትውፊት በዚያው ቦታ ይትባረክ የሚል ስም ያስቀምጣል። የታሪክ ባለሙያ እዚህ ላይ ቆም ይላል። አንድ ንጉሥ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ የሚል ወሬ ለአሸናፊው ቤት ምንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ያሳፍራል። ቢሆንም አልጠፋም፤ የጠፋው የሟቹ ስም ነው። የሚጎዳ ነገር ከሚጎዳው ወገን እጅ ሲወጣ ክብደት ይሰጠዋል፤ ስሙ መሰረዙም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው፤ ሊረሳ የተፈለገ ሰው ነበር።

የዋጉ ትውፊትስ? ዋግሹሞች ራሳቸውን ከነአኵቶ ለአብ ያወርዳሉ፤ በንጉሡ ፊት በወንበር መቀመጥና የብር ነጋሪት ማስመታትን የመሰለ መብታቸውም ከዚያ ስምምነት የመጣ ነው ይባላል። ትረካው ለባለቤቱ እንደሚጠቅም ግልጽ ስለሆነ ስምምነቱ በዚያ መልክ ተደርጓል ብሎ መማል አይቻልም። ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል፤ አዲሱ ሥርወ መንግሥት የዛጕዌን ወገን ከሥሩ አልነቀለውም። ተሸናፊ የተባለ ቤት ለመቶዎች ዓመታት በአገሩ ሹም ሆኖ በልዩ ክብር ከኖረ፣ ከጦርነቱ ጎን ድርድርም መኖሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። የቃል ትውፊት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የድርጊቱን ዝርዝር ይስታል፣ ድርጊቱ የተወውን ግንኙነት ግን ይዞ ይቆያል።

የቃል ትውፊት በጣም የሚደክመው ቁጥር ላይ ነው። የዛጕዌን ዘመን አንዱ ዝርዝር 133 ዓመት፣ ሌላው 333 ዓመት ያደርገዋል፤ በዝርዝሮቹ ውስጥም 40 ዓመት ነገሠ የሚባል ንጉሥ አለ። አርባ የዳዊትም የሰሎሞንም የንግሥ ዘመን ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ «መልካም ንጉሥ ነበር» እንደ ማለት ነው እንጂ ዓመት ቆጠራ አይደለም። ለላሊበላ የተሻለ መቁጠሪያ አለን። በሽሜዛና ባለው ደብረ ሊባኖስ (የሸዋው ሳይሆን ዛሬ በኤርትራ የሚገኘው ነው) በወንጌለ ወርቅ ላይ የተጻፉ የርስት ስጦታዎች ተገኝተዋል፤ አንዱ 1225 ላይ ያደርሰናል። የእስክንድርያ አባቶች ታሪክም በ1210 አካባቢ ላሊበላን ከነሚስቱ መስቀል ክብራ በስም ያነሣል። ከእነዚህ ቀደም ብሎ ጠንጠውድም የሚባል ንጉሥ በትግራይ ለኡራ መስቀል ቤተ ክርስቲያን የሰጠው ጉልት ጽሑፍም አለ፤ በሕዝብ ትውፊት ውስጥ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ገድል የሌለው ንጉሥ ይረሳል። ወንጌል ላይ የተጻፈ ስጦታ ግን ከንጉሡ ዝና ጋር አይነሣም አይወድቅም፤ መሬቱን የያዙት ካህናት ክርክር በተነሣ ቁጥር ይገልጡታል። በእርግጥ ይህም ወጥመድ አለው፤ ክርክር ሲበዛ ሰነድ መፍጠርም ይበዛል። ለዚህ ነው የእጅ ጽሑፉ ቅርጽ፣ የምስክሮቹ ዝርዝር፣ ጽሑፉ በመጽሐፉ ውስጥ የተቀመጠበት ባዶ ገጽ ሳይቀር የሚመረመረው።

«መንግሥት ወደ ባለቤቱ ተመለሰ» የሚለው ሐሳብስ ከየት መጣ? ክብረ ነገሥት በመጨረሻው ላይ ያለው ማስታወሻ መልስ ይሰጣል። በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ፣ የእንደርታ ገዥ ያዕቢከ እግዚእ በነበረበት ጊዜ መተርጎሙን ይናገራል፤ ይህም በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ከ1270 በኋላ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። መጽሐፉ ቀድሞ ወደ ግዕዝ ያልተመለሰው እስራኤላውያን ያልሆኑ ዛጕዌዎች ነግሠው ስለነበር ነው የሚል ሐሳብም እዚያው ላይ አለ። ዛጕዌዎችን ወራሪ የሚያደርገው አነጋገር በዚህ ትውልድ እንደተሰራጨ እናያለን። ስለ 1270 ሳይሆን ስለ 1320 አካባቢ ጥሩ ምስክር ነው።

ከይኩኖ አምላክ ዘመን የተረፈው ማስረጃ ጥቂት ነው፤ ግን የራሱ ነው። አንዱ ለግብፁ ሱልጣን ለበይበርስ ጳጳስ እንዲላክለት የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ የግብፅ ጸሐፊዎች አቆይተውታል። አዲስ ንጉሥ ያለ ጳጳስ ካህናት ማሾም አይችልም፤ ደብዳቤው ምን እንደቸገረው ያሳያል እንጂ ስለ ሰሎሞን ዘር ለመከራከር አልተጻፈም። ሁለተኛው ከላሊበላ ብዙም በማትርቀው በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። ይኩኖ አምላክ በሥዕል አለ፣ ስሙም በጎኑ ተጽፏል። አሸናፊው በተሸናፊው እምብርት፣ በላስታ፣ በላስታ ባለሙያዎች የአሠራር ፈሊጥ ቤተ ክርስቲያን አስፈልፍሎ ራሱን አስሳለ። በዚያ ሥዕል ላይ ቃል ኪዳንም ሲሶም የለም። ንጉሡ ዘመኑን ለላስታ ሰዎች እንዴት ሊያሳይ እንደፈለገ ነው የሚታየው።