ብሎኬትና የሸክላ ጡብ ግድግዳ ላይ ዕቃ ማሰር፦ የፊሸር፣ የብሎን ዓይነትና የርዝመት አመራረጥ

ፊሸር በተበሳ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን አንቆ የሚይዝ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ገበያ ላይ በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥር 6፣ 8፣ 10 እና 12 የሚባሉት ፊሸሩ የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት በሚሊሜትር የሚናገሩ ናቸው። ግድግዳው ምንም ይሁን ምን «ቁጥር 8 ይበቃል» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ ብሎኬትና ሙሉ የሸክላ ጡብ ብሎንን የሚይዙበት መንገድ ለየቅል ነው። ጡብ ውስጥ ፊሸሩ ወደ ጎን አብጦ የቀዳዳውን ዙሪያ ይገፋል፣ በዚያው ግፊት ተጣብቆ ይቀራል። ብሎኬት ውስጥ ግን ከስስ ፊት በስተጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ስለሆነ የሚገፋው ነገር ቶሎ ያልቅበታል፤ ስለዚህ ከጀርባ ተቆልፎ እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። የብሎኑም ዓይነት፣ ርዝመቱም፣ አበሳሱም የሚመረጠው ከዚህ ልዩነት ተነስቶ ነው።

ከፊሸር በፊት ግንበኞች ጡቡን በመሮ ፈልፍለው የእንጨት ታኮ ይመቱበትና ብሎኑን እንጨቱ ላይ ያስሩ ነበር። በ1911 ጆን ጆሴፍ ራውሊንግስ የተባለ እንግሊዛዊ ከቃጫ የተሠራ ቱቦ አወጣ። ዛሬ የምናውቀውን የናይለን ፊሸር ደግሞ ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1958 ሠራው፤ የዕቃው መጠሪያም ከእሱ የመጣ ነው።

አገር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ብሎኬት 40 ሳ.ሜ ርዝመትና 20 ሳ.ሜ ቁመት አለው፤ ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20 ሳ.ሜ ነው። ከውጭ ሲታይ ደረቅና ጠንካራ ይመስላል እንጂ የፊቱ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ሳ.ሜ ብቻ ነው። በ15 ሳ.ሜ ብሎኬት ከሁለቱ ፊቶች መሃል 9 ሳ.ሜ ያህል ባዶ ይቀራል። ከቀይ አሸዋ ወይም ከፑሚስ የተሠራው ቀለል ይላል፣ ፑንታም ቶሎ ይገባበታል፤ ዳሩ ግን በዚያው ልክ ቀዳዳው ይፈረፈራል። የሸክላ ጡብ በዚህ በኩል የሚያስመሰግን ነው፤ በደንብ የተቃጠለ ሙሉ ጡብ ፊሸርን ለአሥርተ ዓመታት ሳይለቅ ይይዛል። የአዲስ አበባ የድሮ ጡብ ቤቶች ላይ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ቀዳዳ ይለየዋል። ጡብ ሆኖ በሙሉ ርዝመቱ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ግን ለፊሸር ጉዳይ ከብሎኬት ጋር ይመደባል።

ግድግዳው ልስን ስለሚሸፍነው ዓይነቱን የሚነግረው የሙከራ ቀዳዳ ነው። ዕቃው በሚሸፍነው ቦታ ላይ በቁጥር 6 ፑንታ ቀስ ብሎ መብሳት ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ግራጫ የልስን ዱቄት ሲሆን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሳ.ሜ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ቀይ ደቃቅ ዱቄት እየወጣ ፑንታው በእኩል ግፊት እስከ 7 ሳ.ሜ ከሄደ ሙሉ ጡብ ነው። ሻካራ ፍርፋሪ ወጥቶ 5 ሳ.ሜ አካባቢ ላይ ፑንታው በድንገት ወደ ውስጥ ዘው ካለ ብሎኬት ነው፤ ዘው ያለበትን ጥልቀት ፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጎ መለካት ያስፈልጋል፣ የልስኑና የብሎኬቱ ፊት ድምር እሱ ነውና። ግራጫ ዱቄት ሳይቀየር ከቀጠለና ፑንታው እየጋለ አልገባም ካለ ኮለን ወይም ቢም ተገኝቷል ማለት ነው።

አበሳሱ ላይ ብዙ ሥራ የሚበላሸው ድሪሉ የመዶሻ ምት ላይ ሆኖ ብሎኬት ሲበሳ ነው። ምቱ ፑንታው በሚወጣበት በኩል፣ ማለትም ዓይን በማያየው የፊቱ ጀርባ ላይ፣ ሰፊ ቁራጭ ቦድሶ ይጥላል። ከ3 ሳ.ሜ ፊት ግማሹ ሊሄድ ይችላል፤ ከውጭ ግን ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብሎኬት የሚበሳው በመዞር ብቻ፣ ስለቱ ባልዶለዶመ የግንብ ፑንታ ነው። ሙሉ ጡብ ላይ የመዶሻ ምት መጠቀም ያከራክራል። ጠንካራ ጡብ ያለ ምት አይበሳም የሚሉ አሉ፣ እውነትም ነው፤ በደንብ ያልተቃጠለ ልል ጡብ ግን በምት ቀዳዳው ይሰፋል። ያለ ምት ጀምሮ እምቢ ካለ ብቻ ምቱን ማብራት ይሻላል። በጡብና በጡብ መሃል ያለው ሞርታር ላይ መብሳትም አይመከርም፤ ፊሸሩ ሲያብጥ ሞርታሩ ይፈርሳል።

የብሎኑን ዓይነት በተመለከተ ለፊሸር የሚሆነው ሹል ጫፍና እስከ አናቱ የሚደርስ ጥርስ ያለው የእንጨት ወይም የቺፕቦርድ ብሎን ነው። ለቁጥር 8 ፊሸር 5 ሚ.ሜ፣ ለቁጥር 10 ደግሞ 6 ወይም 7 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ይስማማል። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው ጥቁሩ የጂፕሰም ብሎን እዚህ ቦታ የለውም። 3.5 ሚ.ሜ ውፍረቱ ቁጥር 8 ፊሸርን በቅጡ አያሳብጥም፤ ብረቱም ደረቅ ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት ሳይታጠፍ፣ ምልክትም ሳያሳይ አናቱ ይበጠሳል። የብረት ብራኬት ሲታሰር ክብ አናት ያለው ብሎን ከሮንዴላ ጋር፣ እንጨት ሲታሰር ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ጠፍጣፋ አናት ይመረጣል። ለመታጠቢያ ቤት የማይዝግ ነው።

የርዝመት ስሌቱ የሚታሰረውን ዕቃ ውፍረት፣ የልስኑን ውፍረት፣ የፊሸሩን ርዝመትና የብሎኑን ውፍረት መደመር ነው። የመጨረሻዋ ትንሽ ጭማሪ የምትገባው የብሎኑ ጫፍ ከፊሸሩ ውስጠኛ ጫፍ ወጣ ብሎ መጨረሻውን በሙሉ እንዲከፍት ነው። ልስን እንደ ግድግዳ አይቆጠርም፤ ፊሸሩ በመዶሻና በምስማር ተገፍቶ ልስኑን አልፎ ጡቡ ውስጥ ይቀመጣል።

የወጥ ቤት ካቢኔትን እንውሰድ። ቁመቱ 70 ሳ.ሜ፣ ከግድግዳ ወደ ፊት 32 ሳ.ሜ የወጣ፣ ከነዕቃው 50 ኪ.ግ የሚመዝን፣ ብሎኖቹ የሚያልፉበት የጀርባ እንጨት 18 ሚ.ሜ የሆነ ነው። ግድግዳው ሙሉ ጡብ፣ ልስኑ 20 ሚ.ሜ ከሆነ፣ 40 ሚ.ሜ ርዝመት ያለው ቁጥር 8 ፊሸርና 5 ሚ.ሜ ብሎን ይበቃሉ። ድምሩ 18፣ 20፣ 40 እና 5፣ ማለትም 83 ሚ.ሜ ነው፤ 80 ይገዛል። ቀዳዳው ከልስኑ ፊት 70 ሚ.ሜ ይጠልቃል፣ አቧራውም በደንብ ይነፋል። እዚህ ላይ «ረዥም ይሻላል» ብሎ 90 መግዛት ችግር ያመጣል። ከ90 ላይ የእንጨቱ 18 ሲቀነስ 72 ይቀራል፣ ቀዳዳው ግን 70 ነው። ብሎኑ ወለሉን ነክቶ ይቆማል፣ ድሪሉ መዞሩን ሲቀጥል ወይ አናቱ ይበላል ወይ ፊሸሩ አብሮ ይዞራል። 90 ብቻ ከተገኘ ቀዳዳውን 80 ማድረግ ነው።

ያው ካቢኔት በ15 ሳ.ሜ ብሎኬት ላይ ሲሆን ተራው ፊሸር አይመከርም። ሥዕል ወይም ሰዓት ይሸከም ይሆናል እንጂ፣ ጫፉ ባዶው ውስጥ ስለሚቀር የሚይዘው በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ገላው በረዥሙ የተሰነጠቀና ብሎኑ ሲስበው ከፊቱ ጀርባ ተሰብስቦ ቋጠሮ የሚሠራው ዩኒቨርሳል ፊሸር ነው። ቁጥር 10 ሆኖ 60 ሚ.ሜ ርዝመት ያለውን እንውሰድ። የአፉ ከንፈር በቢላ ይቆረጥና ፊሸሩ 15 ሚ.ሜ ያህል ወደ ልስኑ ውስጥ ይገፋል፤ ያኔ ከፊቱ ጀርባ 25 ሚ.ሜ ያህል ገላ ለቋጠሮው ይተርፋል። ብሎኑ 18፣ 15፣ 60 እና 6፣ ማለትም 100 ሚ.ሜ ገደማ ነው። ከጡቡ በተቃራኒ እዚህ ትንሽ መርዘሙ አይጎዳም፣ 120 ቢሆን እንኳ ጫፉ ባዶው ውስጥ ይቀራል። ማጠሩ ግን ሥራውን ያበላሸዋል፤ ብሎኑ መጨረሻውን ካልያዘ ቋጠሮው አይሠራም። የመጨረሻዎቹ ዙሮች በእጅ፣ በካቻቪቴ ይሁኑ። ቋጠሮው ሲሠራ ብሎኑ ቀስ በቀስ እየከበደ ይመጣል፤ ከብዶ በድንገት ከቀለለ ፊሸሩ ተቆርጧል ወይም የብሎኬቱ ፊት ተሰብሯል።

ክብደቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ካቢኔቱ ወደ ታች የሚጫነው 50 ኪ.ግ ነው። ብሎኑን ከግድግዳው ስቦ ለማውጣት የሚሞክረው ኃይል ግን ክብደቱ ከግድግዳ ባለው ርቀት ተባዝቶ፣ ከላይኛው ብሎን እስከ ታችኛው ጠርዝ ባለው ቁመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የክብደቱ መሃል 16 ሳ.ሜ ላይ፣ ቁመቱ 65 ሳ.ሜ ሲሆን 12 ኪ.ግ ብቻ ይመጣል፤ እሱም ለላይኞቹ ብሎኖች ይከፋፈላል። ያንኑ 50 ኪ.ግ 16 ሳ.ሜ ቁመት ባለው የመደርደሪያ ብራኬት ላይ ብናስቀምጠው መሳቢያው ኃይል 50 ኪ.ግ ይደርሳል። የሚዘረጋ ክንድ ያለው የቴሌቪዥን ማሰሪያም እንዲሁ ነው፦ 20 ኪ.ግ ቴሌቪዥን 50 ሳ.ሜ ሲዘረጋ፣ ሰሌዳው 20 ሳ.ሜ ከሆነ፣ 50 ኪ.ግ ይስባል። ብሎኬት ላይ የሚወድቁት በአብዛኛው እንዲህ ያሉት ናቸው።

ባለ 50 ሊትር ቦይለር የውሃው ብቻ 50 ኪ.ግ ስለሆነ፣ ብሎኬት ላይ በፊሸር ባይሰቀል ይሻላል። ብዙ ጊዜ በብረት ኤክስፓንሽን ቦልት ሲታሰር ይታያል፤ ይህ ቦልት የተሠራው ለኮንክሪት ነው፣ ሲጠብቅ ስሱን ፊት ይሰነጥቀዋል ወይም ዝም ብሎ ይሽከረከራል። የሚያስተማምነው ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ በስቶ 10 ሚ.ሜ ጥርስ ያለው ዘንግ ማሳለፍና ከጀርባ 10 በ10 ሳ.ሜ ብረት ሰሌዳ ላይ በዳዶ ማጥበቅ ነው። ጀርባው የጎረቤት ከሆነ ብሎኬቱ ተከፍቶ ኮንክሪት ይሞላል፣ ቢያንስ ለሳምንት ውሃ እየጠጣ ይቆያል፣ ከዚያ እንደ ሙሉ ግድግዳ ይበሳል። ገና ልስን ያልተመታበት ቤት ላይ ይህ ሥራ እጅግ ይቀላል፤ ካቢኔትና ቦይለር የሚሰቀሉበትን ረድፍ ለይቶ ግንበኛው እየገነባ እንዲሞላው ማድረግ ነው።

ፊሸር አብሮ ሲዞር ጡብ ላይ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከቁጥር 8 ወደ 10 ማሳደግ፣ ብሎኑንም አብሮ ማወፈር። ክብሪት እንጨት መጎሰር ለጊዜው ያጠብቃል፣ ሲደርቅ ይላላል። ብሎኬት ላይ ግን ቀዳዳውን ማስፋት የተሰበረውን ፊት ይበልጥ ይሰብረዋል። ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፍኖ ቢያንስ 10 ሳ.ሜ ርቆ፣ ከብሎኬቱ ጠርዝም ሸሽቶ፣ ያለ መዶሻ ምት አዲስ መብሳት ነው።